ስልካችሁ ጥገና ላይ እያለ የዋትሳፕ ቻታችሁን በኮምፒውተር አስቀምጦ ለማንበብ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ባለች አንዲት ጽሕፈትና ኮፒ ቤት ነው የምሠራው። በሳምንት ሁለት ሦስት ሰው ይመጣና ያንኑ ጥያቄ ይጠይቀኛል፦ «ስልኬን ጥገና ልሰጥ ነው፣ ዋትሳፕ ላይ ያለው ነገር እንዴት ይሁን?» ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ስልኩን ሰጥቶ የሚመጣው ነው፤ ያኔ የሚሠራው ነገር በጣም ትንሽ ነው። ስለዚህ እዚህ ቁጭ ብዬ አንዴ ጻፍኩት፤ ከእንግዲህ የሚጠይቀኝን ሰው «ይህን አንብብ» እላለሁ።

ይህ መመሪያ የዋትሳፕን የኮምፒውተር ገጽ፣ ማለትም web.whatsapp.com የሚባለውን ይመለከታል። ቴሌግራም ብቻ የምትጠቀሙ ከሆነ ብዙ አትጨነቁ፤ ከሚስጥራዊ ቻቶች በስተቀር መልእክቱ በቴሌግራም ሰርቨር ላይ ስለሚቀመጥ በሌላ መሣሪያ ስትገቡ ታገኙታላችሁ። ዋትሳፕ ግን ሌላ ነው፤ ዋናው ማከማቻው ስልካችሁ ነው።

ሥራውን በአንድ ሰው ጉዳይ ላይ እያየን እንሄዳለን። የእኛ ሰፈር የሀበሻ ቀሚስ የሚሰፉ እናት አሉ፣ እትዬ ነው የምላቸው። ግማሹ ደንበኛቸው ጅዳና ዱባይ ነው፤ ልኩ፣ የጥልፉ ፎቶ፣ ሐዋላ የተላከበት ደረሰኝ ሁሉ በዋትሳፕ ነው የሚመጣው። ጥር ላይ ስልካቸው ከእጃቸው ወድቆ መስታወቱ ተሰነጠቀ፣ የታችኛው ግማሽ ደግሞ መንካቱን አልሰማ አለ። ጠጋኙ «ስክሪኑ ከአዲስ አበባ ይመጣል፣ ሦስት ቀን» አላቸው። ሦስት ቀኑ አሥራ ሁለት ቀን ሆነ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የራሳችሁ ወይም የምታምኑት ሰው ኮምፒውተር። ኢንተርኔት ቤት አይሆንም፤ ምክንያቱን ወደ ታች እነግራችኋለሁ።
- ገና የሚበራና ኢንተርኔት የሚያገኝ ስልክ። ስክሪኑ የተሰበረ ቢሆንም ችግር የለም።
- ኢንተርኔት ለሁለቱም። ዋይፋይ ከሌለ የሌላ ሰው ስልክ ሆትስፖት ይበቃል።
- የስልኩ መክፈቻ ቁልፍ፣ ፒንም ሆነ ፓተርን።
- ዎርድ ወይም ኖትፓድ፣ ድምፅ ለማጫወት ደግሞ ቪኤልሲ።
- አንድ ፍላሽ ዲስክ።
- ስክሪኑ በከፊል የማይሠራ ከሆነ ማውስን ከስልክ ጋር የሚያገናኝ ኦቲጂ ገመድና ተራ የዩኤስቢ ማውስ።

ኮምፒውተሩ አሮጌ ከሆነ መጀመሪያ ሰዓቱንና ቀኑን ተመልከቱ። የቦርዱ ባትሪ ሲሞት መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ያኔ ብሮውዘሩ ገጹን አደገኛ ነው ብሎ አይከፍትም። ሰው ኢንተርኔቱ የተበላሸ መስሎት ዳታ ይሞላል፣ ችግሩ ግን ቀኑ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር እንለይ

በኮምፒውተር የተከፈተው ዋትሳፕ ቅጂ አይደለም። ስልካችሁ ያለውን የሚያሳይ፣ በብሮውዘሩ ውስጥ የተቀመጠ መስኮት ነው። ብሮውዘሩ ታሪኩን ካጸዳ፣ ከዋትሳፕ ከወጣችሁ ወይም ዋትሳፕ ራሱ ካስወጣችሁ ያያችሁት ሁሉ ከዚያ ኮምፒውተር ይሄዳል። ቅጂ የሚባለው ኢንተርኔቱን አጥፍታችሁ የምታነቡት ፋይል ነው። ስለዚህ ሥራው ሁለት ነው፦ አንደኛ መስኮቱን መክፈት፣ ሁለተኛ ከመስኮቱ ወደ ፋይል መገልበጥ። አብዛኛው ሰው አንደኛውን ሠርቶ ጨረስኩ ብሎ ይሄዳል።

ደረጃ 1፦ ስልኩ በእጃችሁ እያለ አያይዙት

ኮምፒውተሩ ላይ በክሮም ወይም በፋየርፎክስ web.whatsapp.com ክፈቱ። ጥቁርና ነጭ ነጠብጣብ ያለው ኪውአር ኮድ ይመጣል። ከሥሩ «Stay logged in on this browser» የሚል ምልክት ማድረጊያ ካለ ምልክት እንዳለበት እዩ፤ ምልክቱ ከሌለ ብሮውዘሩን ስትዘጉ እንደገና እንድትገቡ ይጠይቃችኋል፣ ስልኩ ያኔ ጥገና ቤት ነው።

ስልኩ ላይ ዋትሳፕ ክፈቱ፣ ከላይ በቀኝ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ነክታችሁ «Linked devices»፣ ከዚያ «Link a device» ግቡ። አይፎን ከሆነ «Settings» ውስጥ ታገኙታላችሁ። አሻራ ወይም ፒን ይጠይቃል። ካሜራው ሲከፈት ወደ ኮምፒውተሩ ኪውአር አዙሩት።

ካሜራው ካልሠራ በዚያው ገጽ ከታች «Link with phone number instead» የሚል አለ። ኮምፒውተሩም ላይ በስልክ ቁጥር መግባት የሚለውን መርጣችሁ ቁጥራችሁን ከ+251 ጀምሮ ጻፉ፤ ስምንት ፊደልና ቁጥር የያዘ ኮድ ይሰጣችኋል፣ ስልኩ ላይ አስገቡት። ይህ ኮድ ከኮምፒውተሩ ወደ ስልኩ ነው የሚሄደው። ማንም ደውሎ «ኮዱን አስገባ» ወይም «በኤስኤምኤስ የመጣውን ስድስት ቁጥር ንገረኝ» ቢላችሁ ሌባ ነው።

እትዬ ላይ የገጠመን ችግር ስክሪኑ ነበር። ሦስቱ ነጥቦች ከላይ ስለሆኑ ተነኩ፣ ፒኑ የሚጻፍበት ግን ከታች፣ ያውም የሞተው ግማሽ ላይ ነው። የኦቲጂ ገመዱን ስልኩ ላይ ሰክተን ማውሱን ሰካን፤ ስልኩ ላይ ትንሽ ቀስት ብቅ አለች። በማውሱ ፒኑን ነካን፣ ገባ። አንድሮይድ ስልክ አብዛኛው ይህን ያለ ምንም ፕሮግራም ይቀበላል። ስክሪኑ ሙሉ ለሙሉ ከጠቆረ ግን ማውሱ የት እንዳለ ስለማታዩ አይረዳችሁም።

ማያያዣ ቦታው ላይ ማስታወስ ያለባችሁ፦ አንድ ቁጥር ከዋናው ስልክ ሌላ እስከ አራት መሣሪያ ድረስ ይያያዛል። ሞልቶ ከሆነ የማትጠቀሙበትን አንዱን ነክታችሁ አስወጡ።

ደረጃ 2፦ መልእክቱ እስኪገባ ስልኩን አትንቀሉት

ይህ ሰው ሁሉ የሚቸኩልበት ደረጃ ነው። ስልኩ ሲያያዝ የቅርብ ጊዜውን የመልእክት ታሪክ አሽጎ ወደ ኮምፒውተሩ ይልካል። ይህ ጊዜ ይወስዳል፣ በተለይ ፎቶና ግሩፕ የበዛበት ሰው። ስልኩን ቻርጀር ላይ አድርጉት፣ ዋትሳፕ ክፍት ይሁን፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ተዉት። ቻቶቹ ስማቸው ብቻ ታይቶ ውስጣቸው ባዶ ከሆነ ገና እየገባ ነው።

ኮምፒውተሩ ሙሉውን ታሪክ አይወስድም። የጥንቱ ቻት ጋ ስትደርሱ ገጹ ላይ ከስልካችሁ የቀደሙ መልእክቶችን ለማምጣት እንድትነኩ የሚጋብዝ ጽሑፍ ይመጣል፤ ወይም የቀደመውን በስልክ ተመልከት ይላችኋል። ስልኩ በርቶ ኢንተርኔት ላይ ካልሆነ የመጀመሪያው አይሠራም። ስለዚህ የሚፈለገውን ቻት ስልኩ ገና አጠገባችሁ እያለ ከፍታችሁ ወደ ላይ እየጎተታችሁ የምትፈልጉበት ቀን ድረስ ሂዱ። እትዬ የሚፈልጉት ከመስከረም ወዲህ ያለውን ነበር፤ ሦስት ደንበኞች ብቻ ስለሆኑ ሃያ ደቂቃ አልፈጀብንም።

ፎቶና ድምፅ ደግሞ ሌላ ነገር አላቸው። ቻቱ ውስጥ ብዥ ያለ ምስልና የማውረጃ ቀስት ብቻ ካያችሁ ፋይሉ ገና ወደ ኮምፒውተሩ አልመጣም። የቆየ ከሆነ ሰርቨሩ ላይ የለም፣ ከስልኩ እንደገና መላክ አለበት፤ ስልኩ ከጠፋ መጠየቂያ የለም። አስፈላጊ የሆኑትን አሁኑኑ እየነካችሁ አውርዱ።

ስልኩ ላይ የሚሠራ ሌላ ነገር አለ፣ ጊዜ ካላችሁ ጨምሩት። ቻቱን ክፈቱ፣ ሦስቱ ነጥቦች፣ «More»፣ «Export chat»። ምስልና ድምፅ ሳይጨምር ወይም ጨምሮ ብሎ ይጠይቃል፤ ጽሑፉን በአንድ ፋይል ያወጣላችኋል፣ ወደ ኢሜይላችሁ ላኩት። ይህ ቁልፍ በኮምፒውተሩ ገጽ ላይ የለም። ስክሪኑ ግን ከላይም ከታችም እየዘለለ ከሆነ እልህ አትጋቡ፣ ወደ ኮምፒውተሩ መንገድ ሂዱ።

ደረጃ 3፦ ከገጹ ወደ ፋይል ገልብጡ

ኮምፒውተሩ ላይ አዲስ ፎልደር ፍጠሩ። ስሙን የምታውቁት አድርጉ፤ እኛ «ዋትሳፕ ጥር 2017» አልነው። ውስጡ ለእያንዳንዱ ደንበኛ አንድ ፎልደር።

ቻቱን ክፈቱና የመጀመሪያው ቀን ላይ ውጡ። ከመልእክቱ መጀመሪያ አጠገብ ካለው ባዶ ቦታ ማውሱን ተጭናችሁ ወደ ታች እየጎተታችሁ ምረጡ፣ Ctrl+C፣ ከዚያ ዎርድ ላይ Ctrl+V። ዎርድ ሲለጠፍ ምርጫ ካቀረበ ጽሑፉን ብቻ የሚለውን ምረጡ። ሲለጠፍ እንዲህ ይመጣል፦

```
[10:42, 1/13/2025] ደንበኛ ጅዳ: ደረት 92፣ ወገብ 78፣ ርዝመቱ 138
[10:43, 1/13/2025] ደንበኛ ጅዳ: እጁ እስከ ክርን ይሁን
[10:51, 1/13/2025] እትዬ: እሺ የኔ ልጅ፣ ጥልፉስ?
```

ሰዓቱ ቀድሞ፣ ቀኑ ቀጥሎ፣ የላኪው ስም ከዚያ ነው። ኮምፒውተሩ ቋንቋ እንደተመረጠለት ወርና ቀኑ ቦታ ሊቀያየሩ ይችላሉ። ሁለት ነገር ልብ በሉ። ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ 1/13/2025 ማለት ጥር 5 ቀን 2017 ነው። ሰዓቱም የፈረንጅ ነው፤ 10:42 ማለት በእኛ ከጠዋቱ 4፡42። እትዬ መጀመሪያ አይተው «እኔ አሥር ሰዓት ላይ ነው የተጻጻፍኩት? ያኔ እኮ ቤት ነበርኩ» ብለው ግራ ተጋብተው ነበር። ስለዚህ የፋይሉ አናት ላይ በራሴ እጅ «ቀንና ሰዓቱ በፈረንጅ ነው» ብዬ ጻፍኩላቸው። ለእኔ ብዙም አይመስለኝም ነበር፣ ለእርሳቸው ግን ፋይሉ የሚነበብ የሆነው በዚያች አንዲት መስመር ነው።

አንዴ ሙሉ ወር ለመምረጥ አትሞክሩ። ገጹ ሲሽከረከር ከእይታ የራቀውን መልእክት ከገጹ ሊያነሳው ስለሚችል ረጅም ምርጫ መሐሉ ላይ ይጎድላል፤ የጎደለውን ደግሞ ዎርድ ላይ ስታዩ አታስተውሉትም። አንድ ቀን አንድ ቀን ገልብጡ። እያንዳንዱን ከለጠፋችሁ በኋላ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን መስመር ከገጹ ጋር አስተያዩ፣ ከዚያ Ctrl+S። ይህን Ctrl+S የምለው ወድጄ አይደለም፤ መብራት ባልተጠበቀ ሰዓት ይሄዳል፣ ያያዛችሁት ዋትሳፕ ኮምፒውተሩ ሲበራ እንዳለ ይመለሳል፣ ያላስቀመጣችሁት ዎርድ ግን አይመለስም።

ረጅም መልእክት ካለ መጨረሻው ላይ «Read more» የሚል ጽሑፍ ታገኛላችሁ። ሳትነኩት ከገለበጣችሁ የሚገለበጠው የሚታየው ብቻ ነው። ለእትዬ አንዲት ደንበኛ ሙሉ የቤተሰብ ልክ በአንድ መልእክት ልካላቸው ነበር፤ የአራተኛዋ ልጅ ልክ ከ«Read more» በታች ነበር። ከመምረጣችሁ በፊት እየነካችሁ ዘርጉት።

ኖትፓድ የምትጠቀሙ ከሆነ፣ በተለይ ዊንዶውስ 7 ላይ፣ ስታስቀምጡ «Save As» ውስጥ ከታች «Encoding» የሚለውን «UTF-8» አድርጉት። ነባሩ «ANSI» ነው፤ በእሱ ከተቀመጠ አማርኛው ሁሉ ???? ይሆንና አይመለስም። ዎርድ ላይ ይህ ችግር የለም፣ ስለዚህ ዎርድ ካላችሁ እሱን ተጠቀሙ።

ደረጃ 4፦ ፎቶና ድምፁን ለየብቻ አውርዱ

ጽሑፍ ስትገለብጡ ፎቶ፣ ድምፅና ሰነድ አብረው አይመጡም። እትዬ ደግሞ ከጽሑፉ ይልቅ ድምፁ ነው የሚጠቅማቸው፤ ደንበኞቻቸው ጥልፉን በአፋቸው ነው የሚያብራሩት። ድምፁ ላይ ማውሱን ስታሳርፉ በጥጉ ትንሽ ቀስት ትወጣለች፤ ነክታችሁ «Download» ምረጡ። የሚወርደው ጫፉ .ogg የሆነ ፋይል ነው። ኮምፒውተራችሁ አልከፍትም ካለ በቪኤልሲ ይከፈታል። ፎቶውንም እንዲሁ፣ ወይም ከፍታችሁ ከላይ ባለው የማውረጃ ምልክት።

የወረደው ፋይል ስሙ ራሱ ቀንና ቁጥር ነው፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ የትኛው የማን እንደሆነ አይታወቅም። ወዲያውኑ ስሙን ቀይሩ፣ ዎርዱ ላይም ቦታውን አመልክቱ። እኛ እንዲህ አደረግን፦ ድምፁን «ጅዳ-ጥር5-ድምፅ1» አልነው፣ ዎርዱ ላይ ድምፁ በነበረበት ቦታ «እዚህ ጋ ድምፅ1፣ ጥልፉ መስቀል እንዳይሆን፣ ወርቃማ ክር» ብለን ጻፍን። ድምፁን ማዳመጥ ያልቻለ ሰውም ጽሑፉን አንብቦ ይሠራል። አንድ ደቂቃ ድምፅ ለመጻፍ ሦስት ደቂቃ ይወስዳል፤ ልክና ዋጋ ያለበትን ብቻ ጻፉ፣ ሰላምታውን ተዉት።

ደረጃ 5፦ ኢንተርኔቱን አጥፍታችሁ ሞክሩ

ዋይፋዩን አጥፉ፣ ብሮውዘሩን ዝጉ፣ ፎልደሩን ክፈቱ። ዎርዱ ይነበባል? ድምፁ ይሰማል? ፎቶው ይከፈታል? ሦስቱም ከሆኑ ፎልደሩን ወደ ፍላሽ ዲስኩ ገልብጡ። ዎርዱን በፒዲኤፍም አስቀምጡት፤ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ፊደሉ አይበላሽም።

ከጨረሳችሁ በኋላ ብቻ ስልኩን ስጡ።

ስልኩን ስትሰጡ

ሲም ካርዱንና ሚሞሪ ካርዱን አውጡ። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ዋትሳፕ ለመሥራት ሲሙን አይፈልግም፣ ስልኩም እንዲበራ አይፈልግም፤ አዲስ መልእክት ቀጥታ ይገባላችኋል፣ መመለስም ትችላላችሁ።

ጠጋኙን አንድ ነገር በግልጽ ንገሩት፦ «ወንድሜ፣ ሳትነግረኝ ፎርማት እንዳታደርገው፣ ፍላሽም እንዳታደርገው።» ስክሪን ለመቀየር ፍላሽ ማድረግ፣ ማለትም የስልኩን ሶፍትዌር እንደ አዲስ መጫን፣ አያስፈልግም። ለሶፍትዌር ችግር የገባ ስልክ ግን ያለምንም ጥያቄ ፍላሽ ሲደረግ አይቻለሁ፤ ያኔ ስልኩ ላይ ያለው ቻት ሁሉ ይሄዳል። ጉግል ድራይቭ ላይ ባካፕ ካላችሁ ከመስጠታችሁ በፊት «Settings»፣ «Chats»፣ «Chat backup» ገብታችሁ አዲስ ባካፕ አድርጉ፤ የትኛው ጉግል አካውንት እንደሆነም ወረቀት ላይ ጻፉት።

አሥራ አራቱ ቀን

ዋናው ስልክ ከ14 ቀን በላይ ካልተጠቀማችሁበት ዋትሳፕ የተያያዙትን ኮምፒውተሮች ያስወጣል። ስለዚህ ቀኑን ቁጠሩ። እትዬ ስልኩን ጥር 6 ነው የሰጡት፤ ግድግዳው ላይ ባለው ካላንደር ጥር 20ን ከበብንለት። ዕቃ ከአዲስ አበባ ስለሚጠበቅ፣ ጥር 18 ድረስ ካልደረሰ ያረጀውን ስክሪን ይዞም ቢሆን ስልኩን አብርቶ ዋትሳፕ እንዲከፈትበት ከጠጋኙ ጋር ተነጋገርን። በሆትስፖት አንዴ ዋትሳፕ ላይ ገብቶ መልእክቱ ከወረደ ቆጠራው እንደገና ይጀምራል። የእትዬ ስልክ ጥር 18 ስለወጣ አላስፈለገንም። ኮምቦልቻ ያለች አንዲት ደንበኛዬ ግን በአሥራ ስድስተኛው ቀን ጠዋት ኮምፒውተሯን ስትከፍት ኪውአር ኮድ ብቻ አገኘች፤ የነበራት ሁሉ መስኮት ብቻ ነበር፣ ፋይል አልነበራትም።

በጥገናው ጊዜ የሚገባውን አዲስ መልእክት በየሁለት ቀኑ በደረጃ 3 መሠረት ወደ ፋይሉ ጨምሩ። አሥር ደቂቃ ይበቃል።

የማይደረጉ ነገሮች

ሲሙን የሰው ስልክ ላይ አስገብታችሁ እዚያ ዋትሳፕ አትክፈቱ። በጣም የተለመደው ስህተት ይህ ነው። ቁጥሩ ሌላ ስልክ ላይ ሲመዘገብ ኮምፒውተሩ ላይ የነበረው ሁሉ ይቋረጣል፣ የድሮው ስልክም ከዋትሳፕ ይወጣል። ለመደወል ሲሙን ማስገባት ችግር የለውም፤ ዋትሳፕ ላይ ቁጥሩን አታስገቡ ነው የምላችሁ።

በኢንኮግኒቶ መስኮት አትክፈቱ። መስኮቱ ሲዘጋ ሁሉም ይጠፋል። ሲክሊነር የመሰሉ ማጽጃ ፕሮግራሞች ያሉበት ኮምፒውተር ከሆነም በየጊዜው ራሳቸው የብሮውዘሩን ማከማቻ እንዳያጸዱ አጥፏቸው።

ኢንተርኔት ቤት አታያይዙ። ከወጣችሁ በኋላ የሚቀመጠው ሰው ቻታችሁን ያነባል፣ ስማችሁን ይዞ ገንዘብ ይጠይቃል። ስልኩ በእጃችሁ ካልሆነ ደግሞ ከሩቅ ማስወጣት አትችሉም። የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ከሆነ ዋትሳፑ ውስጥ «Settings»፣ «Privacy» ገብታችሁ የገጹን መቆለፊያ በፓስዎርድ አድርጉ።

Ctrl+P ወይም Ctrl+S ብሮውዘሩ ላይ አትሞክሩ። የመጀመሪያው የሚያትመው ስክሪኑ ላይ የሚታየውን ቁራጭ ነው፤ ሁለተኛው የሚያስቀምጠው ገጽ በኋላ ሲከፈት ቻቱን አያሳይም። ስክሪንሾትም ለደረሰኝ ጥሩ ነው፣ ለሁለት ወር ቻት ግን ድካም ነው፣ ፈልጎ ማግኘትም አይቻልም።

ስልኩ ከሞተ በኋላ አዲስ ማያያዝ አይቻልም። «ኪውአሩን ብቻ ስካን አድርግልኝ» እያላችሁ ሌላ ስልክ ይዛችሁ አትምጡ፤ ስካን የሚያደርገው የእናንተ ዋትሳፕ ያለበት ስልክ ብቻ ነው።

ስልኩ ሲመለስ

ስልኩን ከመውሰዳችሁ በፊት፣ ጥገና ቤቱ ቆማችሁ፣ ዋትሳፕን ክፈቱ። ቻቶቹ እንዳሉ ካገኛችሁ ጥሩ፤ ስልኩ በጠፋበት ጊዜ የገባውንም ያወርዳል። ዋትሳፕ ቁጥር አስገቡ ብሎ ከጠየቃችሁ ግን ስልኩ ጸድቷል ማለት ነው። ያኔ ቁጥሩን አታስገቡ፣ ስልኩን ይዛችሁ ወደ ቤት ሂዱ። መጀመሪያ ኮምፒውተሩ ላይ የቀረውን ወደ ፋይል ገልብጡ፤ ቁጥሩን ያስገባችሁ ዕለት ኮምፒውተሩ ይቋረጣል። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ተመልሶ ወደ ስልኩ አይገባም፤ ስልኩን የሚሞላው ቀድማችሁ ያደረጋችሁት ባካፕ ብቻ ነው።

ከዚያ «Linked devices» ግቡና ዝርዝሩን እዩ። የእናንተ ያልሆነ ስም፣ ለምሳሌ የማታውቁት ብሮውዘር፣ ካለ ነክታችሁ «Log out»። ስልኩ ክፍት ሆኖ ብዙ ቀን ስለቆየ ይህን ማየት አትርሱ። የእትዬ ዝርዝር ላይ የነበረው አንድ ብቻ ነበር፣ የእኔ ኮፒ ቤት ኮምፒውተር። ፎልደራቸውን በፍላሽ ዲስኩ ከሰጠኋቸው በኋላ እሱንም አስወጣነው፣ ከእኔ ኮምፒውተር ላይም ፎልደሩን አጠፋሁ። ዎርዱን ግን አትምልኝ አሉ፤ አሥራ አንድ ገጽ ወጣ፣ አሁን ስፌት መኪናቸው አጠገብ ካለው ግድግዳ ላይ በመርፌ ተሰክቷል።